ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው «ሲስተም»፦ የኬብል ሉፕን እንዴት ነው የምታገኘው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ ደሴ ውስጥ ባለ 3 ፎቅ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤት ዋና ስዊች አለ። ከእሱ ወደ እያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ኬብል ይወጣል። ሁሉም ተራ ስዊች ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት 2:30 አካባቢ በሁሉም ቢሮ ‘ሲስተም የለም’ ይባላል። ስዊቾቹን አጥፍቼ ሳበራቸው ለጥቂት ሰከንድ ይሠራና እንደገና ይጠፋል። ማታና ቅዳሜ ግን ሰላም ነው። አንቲቫይረስ ሞከርኩ፣ ዋናውን ስዊች በአዲስ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንዱ ጓደኛዬ ‘ወደ ፎቅ የሚወጣውን ኬብል ሁለት አድርገው፣ ይፈጥናል’ አለኝ። ሌላው ደግሞ ‘ኤስቲፒ ያለው ስዊች ግዛ፣ ይድናል’ ይላል። ምን ላድርግ?»

ሁለተኛውን ኬብል እንዳትጨምር። እስካሁን ያልጨመርክ ከሆነ ተርፈሃል። ተራ ስዊች ሁለት ኬብል ሲያይ ፍጥነቱን እጥፍ አያደርግም፣ ክብ መንገድ ይሆንበታል። ምልክቶችህን ስሰማ አሁን የያዘህ በሽታም ይኸው ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ ኬብል ዞሮ ተመልሶ ገብቷል። ሉፕ አለብህ፣ ሉፑ ደግሞ ብሮድካስት ስቶርም፣ ማለትም የማያቆም የመልእክት ማዕበል አስነስቶብሃል።

ቫይረስ አይደለም። ቫይረስ ስዊች ሲጠፋና ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ፋታ አይሰጥህም። ስዊቹም አልሞተም። አዲስ ገዝተህ ያው የሆነው ለዚህ ነው፤ ኬብሎቹን በነበሩበት መልሰህ ስትሰካ ሉፑንም አብረህ ሰካኸው። አሮጌውን አትጣለው፣ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ልንገርህ። ምክንያቱ ሳይገባህ ፍለጋ ከወጣህ ኬብል ስትነቅልና ስትሰካ ነው የምትውለው።

ኮምፒውተርህ ራውተሩን ሲፈልግ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል። ኤአርፒ የሚባለው ይህ ነው። ዲኤችሲፒም አድራሻ ሲለምን እንዲሁ ለሁሉም ይጮሃል። ስዊች ይህን ጩኸት ሲሰማ ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ፖርት ያወጣዋል። ሥራው ነው፣ ጥፋት የለበትም። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብል ከተገናኙ ግን ጩኸቱ በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። የመጀመሪያው ስዊች አዲስ ነገር የመጣ መስሎት እንደገና ለሁሉም ያወጣዋል። እንዲህ እያለ ይዞራል። በተቃራኒው አቅጣጫም ሌላ ቅጂ ይዞራል።

ጦሳ ላይ ቆመህ ብትጣራ ድምፅህ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እየደከመ ይጠፋል። በኢንተርኔት ፓኬት ላይም እንዲህ ያለ ድካም አለ። ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለው፣ በእያንዳንዱ ራውተር አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ፓኬቱ ይጣላል። በስዊች ደረጃ የሚሄደው የኢተርኔት ፍሬም ግን ይህ ቁጥር የለውም። ስለዚህ አይደክምም። ኬብሉ እስኪነቀል ወይም ስዊቹ እስኪጠፋ ድረስ ይዞራል። በየሰከንዱ አዳዲስ ጩኸት ይጨመርበታል፣ የቀድሞዎቹም አይሞቱም።

መጠኑን እንድታስበው አንድ ቁጥር ብቻ ልስጥህ። የ100 ሜጋቢት ፖርት ትንሿን ፍሬም በሰከንድ እስከ 148,800 ጊዜ ገደማ ማሳለፍ ይችላል። የ1 ጊጋቢቱ ደግሞ ዐሥር እጥፍ። ስቶርም ሲነሳ ይህ አቅም በሙሉ በድሮ ጩኸት ይሞላል። ለፋይልህም ለፕሪንተርህም ቦታ አይተርፍም። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው የሚንቀራፈፉትም በዚህ ነው፤ ብሮድካስት ለሁሉም የተላከ ስለሆነ እያንዳንዱ ማሽን ተቀብሎ ማየት አለበት። ሠራተኛው «ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባው» ቢልህ አትፍረድበት።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስዊች «ይህ ማሽን በዚህ ፖርት ነው ያለው» ብሎ የሚይዘው ሰንጠረዥ አለው። ፍሬሙ በሉፑ ዞሮ ሲመለስ ስዊቹ ያንተን ማሽን በሌላ ፖርት ያየው ይመስለዋል። ሰንጠረዡን ይቀይራል። ከዚያ እንደገና ይቀይራል። በመጨረሻ ለአንተ የመጣው መልስ ወደ ሉፑ ይላካል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች እንኳ መገናኘት የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢው «መስመሩ ደህና ነው» ቢልህ እውነቱን ነው። ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው።

ወደ ፍለጋው ከመሄዳችን በፊት ሰዓቱን እንየው። ጠዋት 2:30 ይነሳል፣ ማታ ይተኛል፣ ቅዳሜ የለም። ዋናዎቹ ስዊቾችህ ግን ሌሊትም ቅዳሜም በርተው ያድራሉ። ስለዚህ ሉፑ የሚገጥመው ሰው ቢሮ ሲገባ አንድ ነገር ሲያበራ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጠረጴዛ ሥር ያለች ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት ትንሽ ስዊች ነው። ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከሠራተኛው ዲቫይደር ነው። ሰውየው ጠዋት ዲቫይደሩን ሲጫን ኮምፒውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ ትንሿ ስዊችም ይነሳሉ። ማታ ሲያጠፋ ሉፑም አብሮ ይጠፋል። በጥያቄህ ውስጥ ስለ ትንንሽ ስዊቾች አልነገርከኝም። ግን የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ልክ ይኼው ገጥሞኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ከሥራ በኋላ ነበር፣ ሰው እንዳይረበሽ ብዬ። ሁሉም ሰላም ነው። ፒንግ ጥሩ፣ መብራቶቹ ረጋ ያሉ። «እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» ብዬ ሐረጎን ወጥቼ ወደ ደሴ ተመለስኩ። በማግሥቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ተደወለልኝ። ያ ምሽት በከንቱ ሄደ። ሉፕ የሚፈለገው ስቶርሙ እያለ ነው። አለቃህ «ከሥራ ሰዓት ውጪ ሥራው» ቢልህ እምቢ በል። ኔትወርኩ ለነገሩ ጠፍቷል፣ የምታጠፋበት ነገር የለም።

ፍለጋው ላይ አንድ ክልክል አለ። ስዊች አጥፍተህ አታብራ። ስታጠፋ ይዞር የነበረው ሁሉ ይሞታል፣ ስታበራ ለጥቂት ሰከንድ ጤነኛ ይመስላል። ያቺ ጤና ታታልልሃለች። «ይሄን ስነካው ዳነ» ትላለህ፣ የዳነው ግን ስላጠፋኸው ነው። የምንፈልገው ስዊቹ በርቶ ሳለ አንድ ኬብል በመነቀሉ ብቻ ጸጥ የሚልበትን ነጥብ ነው። ሉፑ ሲቆረጥ ስቶርሙ ወዲያው ይቆማል። ኔትወርኩ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን 10፣ 15 ሰከንድ ስጠው።

ላፕቶፕህን ይዘህ ወደ ዋናው ስዊች ሂድ። ዋይፋዩን አጥፋው፣ በኬብል ተሰካ። አይፒ አድራሻ በእጅህ ስጠው፣ ምክንያቱም በስቶርም ውስጥ ዲኤችሲፒ መልስ ላያገኝ ይችላል። ራውተሩም በዚሁ ስዊች ላይ መሰካቱን አረጋግጥና ያለማቋረጥ ፒንግ ክፈት። የራውተርህ አድራሻ ሌላ ከሆነ ቀይረው፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

አሁን `Request timed out` እየደጋገመ ይመጣል፣ ወይም አልፎ አልፎ በብዙ መቶ ሚሊሰከንድ የሚንቀረፈፍ መልስ ታያለህ። ዳኛህ ይህ መስኮት ነው። የስዊች መብራት ይረዳል፣ ስቶርም ሲኖር የሁሉም ፖርት መብራት በአንድነት እንደ እብድ ይርገበገባል፤ አንዳንድ ስዊች ግን በጤናውም ስለሚያርገበግብ በመብራት ብቻ አትፍረድ።

ፕላስተርና ማርከር ያዝ። ወደ ፎቅ የሚወጣውን እያንዳንዱን ኬብል ከመንቀልህ በፊት የፖርቱን ቁጥር ጻፍበት። ከዚያ የ1ኛ ፎቁን ንቀል፣ 15 ሰከንድ ጠብቅ። ፒንጉ ካልተመለሰ መልሰህ አትስካው፣ እንደተነቀለ ይቆይ። የ2ኛውን ንቀል። አሁንም ካልሆነ የ3ኛውን። እየነቀልክ እየመለስክ ብትሄድና ሉፑ ሁለት ቢሆን ምንም ጊዜ ጸጥታ አታይም፤ አንዱን ስትቆርጥ ሌላው ያስነሳዋል። ሁሉንም ነቅለህ ራውተርና ላፕቶፕ ብቻ ቀርተው እንኳ ካልተመለሰ፣ ዋናው ስዊች ላይ የተሰካውን ሌላውን ኬብል ሁሉ ንቀል። አንዳንዴ ሉፑ እዚያው ራክ ውስጥ ከፖርት 5 ወጥቶ ፖርት 11 ላይ የተመለሰ አጭር ኬብል ነው። ይኼ ሲገኝ ሰው ያፍራል፣ ግን ይከሰታል።

የ2ኛውን ስትነቅል ፒንጉ ተመለሰ እንበል። ቀድመህ የነቀልከውን የ1ኛውን መልስ። ፒንጉ ከጸና 1ኛ ፎቅ ነጻ ነው፣ ሥራቸውን ይቀጥሉ። 3ኛው መጀመሪያውኑ አልተነካም። እስካሁን አምስት ደቂቃ አልፈጀብህም፣ የመሥሪያ ቤቱን አብዛኛውን ክፍል መልሰሃል። የቀረህ አንድ ፎቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወደ 2ኛ ፎቅ ውጣና የዚያን ፎቅ ስዊች እየው። ከዋናው ተቆርጧል። አሁንም እንደ እብድ እየተርገበገበ ከሆነ ሉፑ በራሱ ሆድ ውስጥ ወይም ከእሱ ሥር ነው። ረግቶ ከሆነ ደግሞ ሉፑ በዋናው ስዊች በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። ያ ፎቅ ወደ ታች የሚወርድበት ሁለተኛ መንገድ አለው።

ሁለተኛ መንገድ መኖሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የፎቁ ኬብል እንደተነቀለ ከዚያ ፎቅ ኮምፒውተር ላይ ሆነህ ራውተሩን ፒንግ አድርግ። ተቆርጧል ባልከው ፎቅ ላይ መልስ ከመጣ በየት በኩል ሄዶ ነው? በሌላ ኬብል ነዋ። ምናልባት አንዱ ቢሮ በደረጃው በኩል ከ3ኛ ፎቅ የሳበው አለ። ምናልባት የድሮ ግንበኛ ትቶት የሄደውን መስመር አንድ ሰው ሰክቶታል። ያኔ የ1ኛና የ3ኛ ፎቅን ተራ በተራ እየነቀልክ ፒንጉ በየትኛው ሲሞት እይ። ሁለተኛው መንገድ በዚያ ፎቅ በኩል ነው።

የኮምቦልቻው ግን የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። የ2ኛ ፎቁ ስዊች ከዋናው ተነጥሎም ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለ 24 ፖርት ነው፣ ሁሉም ፖርት ማለት ይቻላል ተይዟል። አንድ በአንድ ብነቅል ይመሻል። ስለዚህ ላፕቶፔን እዚያው ሰካሁ፣ ከፎቁ ኮምፒውተሮች የአንዱን አድራሻ ይዤ ፒንግ ከፈትኩ፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ነቀልኩ። የምፈትነውን ኮምፒውተር ግን ከሌላው ግማሽ ነው የመረጥኩት፣ አለበለዚያ ፒንጉ በሉፑ ሞተ ወይስ በእኔ እጅ ተነቀለ አይለይም። ስቶርሙ አልቆመም። ስለዚህ የሉፑ ሁለቱም ጫፍ ከ13 እስከ 24 ባሉት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን 12 መለስኩ።

አሁን የምፈትነውን ኮምፒውተር ከ12ቱ ውስጥ ቀየርኩና ከ13 እስከ 18 ያሉትን ነቀልኩ። ጸጥ። ፒንጉ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይመልስ ጀመር። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ጸጥ ማለቱ ሁለቱም ጫፍ በነቀልኳቸው ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ቢያንስ አንደኛው ጫፍ እዚያ አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ መልሼ ሰካሁ። 13 ደህና። 14፣ 15፣ 16 ደህና። 17ን ስሰካ ስቶርሙ ተመለሰ። ነቀልኩት፣ ጸጥ። ሰካሁት፣ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ እንደዚያ ካደረገ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፖርት 17 በፓች ፓነሉ በኩል የት ቢሮ እንደሚደርስ ማወቅ ሌላ ሥራ ነበር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶች ቁጥር የላቸውም። መፈለጊያ ቶነር ካለህ ደስ ይበልህ። እኔ ያን ቀን አልያዝኩም፣ ስለዚህ በየቢሮው እየገባሁ «ማነው አሁን ኔትወርክ የሌለው?» እያልኩ ጠየቅኩ። 17 እንደተነቀለ ነው። ግን ማንም የለኝም አላለም! ለካ የዚያ ጠረጴዛ ትንሽ ስዊች በሌላኛው ኬብሏ በኩል እየሠራች ነው። አንዱን ነቅለህ ማንም ካላለቀሰ ያ ኬብል ትርፍ ነው፣ ትርፍ ኬብል ደግሞ የሉፕ አንድ እግር ነው።

በመጨረሻ ላፕቶፕን በየሶኬቱ እየሰካን፣ አንድ ሰው ስዊቹ ጋ ቆሞ የትኛው መብራት እንደሚበራ እየነገረን አገኘነው። ኬብል 17ን ለጊዜው ከሌላው ነጥለን በአንድ ባዶ ስዊች ላይ ሰካነው፣ ስቶርሙ እንዳይነሳ። ነገሩ እንዲህ ነው የተፈጠረው፦ ጠረጴዛው ሥር ባለ 5 ፖርት ስዊች አለች። አንዱ ኬብሏ ከግድግዳ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ፕሪንተር ይሄድ ነበር። ፕሪንተሩ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የኬብሉ ጫፍ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ሠራተኛ ክፍሉን ስታስተካክል ተንጠልጥሎ አየችው፣ አጠገቡ ክፍት ሶኬት አለ፣ ሰካችው። ሥርዓት ማስያዟ ነበር። ሁለት ሶኬት፣ ሁለት ኬብል፣ አንድ ፎቅ ስዊች። በየጠዋቱ ዲቫይደሩ ሲበራ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቆማል።

ድሮ ቢሆን ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ አይሠራም ነበር። ስዊችን ከስዊች ለማገናኘት ክሮስ የተደረገ ኬብል ያስፈልግ ነበር፣ ተራ ኬብል ብትሰካ መብራቱም አይበራም። የዛሬዎቹ ስዊቾች ግን ሽቦውን ራሳቸው ያገላብጡታል። ማንኛውም ኬብል በማንኛውም ሶኬት ይሠራል። ለእኛ ምቾት የመጣው ነገር ለሉፕም ተመቸው።

ከትንሿ ስዊች ሌላ ሁለት ነገሮችን ጠርጥር። አንዱ የአይፒ ስልክ ነው። ከጀርባው ሁለት ፖርት አለው፣ አንዱ ለግድግዳ፣ አንዱ ለኮምፒውተር። ሰው ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ሲሰካቸው ስልኩ ራሱ ድልድይ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ በኬብልም በዋይፋይም የተገናኘ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን መስመር በዊንዶውስ ድልድይ ያገናኘ ሰው ነው። በ`Network Connections` ውስጥ `Network Bridge` የሚል ምስል ካየህ አጥፋው። ይህኛው አንደኛው እግሩ ዋይፋይ ስለሆነ በዓይን አይገኝም። ግን በመነቃቀል ዘዴ የዚያ ላፕቶፕ ኬብል ሲነቀል ስቶርሙ ስለሚቆም እሱም አያመልጥህም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ ምክር። ኤስቲፒ ማለትም ስፓኒንግ ትሪ በትክክል ለዚህ የተፈጠረ ነው። ራዲያ ፐርልማን የምትባል መሐንዲስ በ1985 እ.ኤ.አ. ሠራችው። ስዊቾች ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፣ ክብ መንገድ ካገኙ አንዱን ፖርት ይዘጋሉ። ጓደኛህ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ኤስቲፒ ያለው ስዊች መሃል ላይ አንድ ብቻ ብታስቀምጥ ፎቆቹ ተራ ስዊች ሆነው ከቀሩ፣ የኮምቦልቻውን ዓይነት ሉፕ አያስተካክለውም። ሉፑ በፎቁ ስዊች ሆድ ውስጥ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ስዊች እዚያ ገብቶ ፖርት መዝጋት አይችልም። ማድረግ የሚችለው ወደዚያ ፎቅ የሚሄደውን ፖርት ጠቅላላ መዝጋት ነው። ለዚያም መልእክቱ ዞሮ ሲመለስ ማየት አለበት፣ አንዳንድ ተራ ስዊች ደግሞ ቢፒዲዩን ውጦ ያስቀረዋል። ያኔ ኤስቲፒ ታውሮ ይቀመጣል።

ስለዚህ በመሃል የሚቀመጠው ስዊች ኤስቲፒ ብቻ ሳይሆን የብሮድካስት ገደብም ሊኖረው ይገባል። በሲስኮ ስዊች ላይ ወደ ተራ ስዊቾችና ወደ ኮምፒውተሮች በሚሄዱት ፖርቶች እንዲህ ይደረጋል፦

```
interface range gigabitEthernet 0/1 - 20
 spanning-tree portfast
 spanning-tree bpduguard enable
 storm-control broadcast level 1.00
 storm-control action shutdown
```

ትርጉሙ ቀላል ነው። ዞሮ የመጣ ቢፒዲዩ ካየ ፖርቱን ይዘጋል። ቢፒዲዩ ባይመጣ እንኳ ብሮድካስቱ ከፖርቱ አቅም 1 በመቶ ካለፈ ይዘጋል። የጊጋቢት ፖርት 1 በመቶ 10 ሜጋቢት ነው፣ ያንተ ዓይነት መሥሪያ ቤት በጤናው ከዚያ እጅግ በታች ነው። ከ21 በላይ ያሉትን የተውኩት ሌላ ኤስቲፒ ያለው ስዊች ቢመጣ እንዲሰካበት ነው። `bpduguard` ያለበት ፖርት ላይ እንዲህ ያለ ስዊች ከሰካህ ሉፕ ባይኖርም ይዘጋብሃል። የተዘጋ ፖርት ደግሞ ችግሩን ካስተካከልክ በኋላ በ`shutdown` ከዚያም በ`no shutdown` ካላስነሳኸው አይነሳም።

ይህ ስዊች ሲኖርህ ፍለጋውም ይቀልልሃል። ደረጃ ከመውጣትህ በፊት መዝገቡን ታያለህ፦

```
show logging | include FLAP
%SW_MATM-4-MACFLAP_NOTIF: Host 0011.2233.4455 in vlan 1
is flapping between port Gi0/3 and port Gi0/7
```

ቅድም ያልኩህ የሰንጠረዥ መምታታት ነው፣ ስዊቹ ራሱ ሲናገረው። ያ ማሽን በፖርት 3 ነኝ፣ አይ በፖርት 7 ነኝ እያለ ነው። አንደኛው እውነተኛ ቤቱ ነው፣ ሌላው ሉፑ ያለበት አቅጣጫ። አንድ ማሽን ብቻ አልፎ አልፎ ከታየ አትደንግጥ፣ ላፕቶፕ ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው ሲዞርም ይመጣል። ብዙ ማሽኖች በአንድ ጊዜ በሁለቱ ፖርቶች መካከል ሲዘሉ ግን ሉፕ ነው።

የእኔ ምክር ይኼ ነው። ሰኞ ጠዋት 2:30 ሳይሞላ ላፕቶፕህን ይዘህ ዋናው ስዊች ጋ ቁም፣ በዚሁ መንገድ ሉፑን አግኝና ንቀለው። ለዚህ አንድ ብር አያስፈልግህም። ከዚያ በጀት ስትጠይቅ አንድ ትልቅ ውድ ስዊች አትጠይቅ። ለመሃሉ መጠነኛ ማኔጅድ ስዊች፣ ለሦስቱ ፎቆች ደግሞ ሉፕ የሚከላከል ርካሽ ስማርት ስዊች ይበቃል። በማዋቀሪያ ገጹ ላይ `Loop Prevention` ወይም `Loop Detection` የሚል ምርጫ ፈልግ። የራሱን መፈተሻ ፍሬም ይልካል፣ ዞሮ ከመጣበት ያን ፖርት ብቻ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ተራ ስዊች የማይውጠው ዓይነት ፍሬም ስለሆነ ጠረጴዛ ሥር ላለችዋም ይሠራል። አንዳንዱ ሲገዛ ይህ ምርጫ ጠፍቶ ስለሚመጣ ማብራቱን እንዳትረሳ። ያኔ ሉፑ ሲፈጠር ፎቁ በሙሉ ሳይሆን አንድ ጠረጴዛ ብቻ ይቋረጣል፣ የሚደውልልህም ሉፑን የሠራው ሰው ራሱ ይሆናል።

ጠረጴዛ ሥር ያሉትን ትንንሽ ስዊቾች ከቻልክ አስወግዳቸው፣ በምትካቸው ተጨማሪ መስመር ሳብ። ካልቻልክ የትኛው ቢሮ እንዳለ መዝግብ፣ ወደ ግድግዳ የምትሄደውን አንዷን ኬብል በቀይ ፕላስተር ጠቅልላት፣ የማያገለግሉትን የግድግዳ ሶኬቶች ደግሞ በራኩ በኩል ከስዊቹ ንቀላቸው። ወደ የትም የማይሄድ ሶኬት ላይ ኬብል ቢሰካ ምንም አይመጣም።

አዲሶቹን ስዊቾች ከገጠምክ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ሰው በሌለበት፣ ራስህ ሉፕ ሥራ። አንድ አጭር ኬብል ውሰድ፣ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ የፎቅ ስዊች ላይ ስካ፣ ፒንጉን እያየህ። ጥቂት ፓኬት ጠፍቶ ፖርቱ ከተዘጋና ፒንጉ ከተመለሰ ሠርቷል። ቀጥለህ አንዲት ተራ ትንሽ ስዊች አምጥተህ ከፎቁ ስዊች ጋር አገናኛትና በእሷ ላይ ያንኑ ድገም። ይኼኛው ነው ከባዱ ፈተና። እዚህ ላይ ፒንጉ ሞቶ ከቀረ ኬብሉን ንቀልና ምርጫው መብራቱን እንደገና ተመልከት።